«ደርሰናል» እያሉ ተራራ ማስወጣት

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ቦሰት ተራራ የሚመጣ የሃይኪንግ ቡድን የደህንነት ገለጻውን የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ ወለንጪቲ ደርሶ፣ ከመኪና ወርዶ፣ የጫማ ማሰሪያውን እያጠበቀ ነው። አስተባባሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ ውሃ ጠጡ፣ አትነጣጠሉ፣ የደከመው ይናገር፣ ከፍታው ሊከብዳችሁ ስለሚችል ቀስ በሉ ይላል። ይጨበጨባል፣ የቡድን ፎቶ ይነሳል፣ መንገድ ይጀመራል። ከተባለው ውስጥ ክፉ ምክር የለም። ችግሩ በዚያ ቀን ሰው መጎዳት አለመጎዳቱን የሚወስኑት ነገሮች፣ ማለትም የመነሻው ሰዓት፣ የተያዘው ውሃና የኋለኛው ሰው አካሄድ፣ ገለጻው ከመጀመሩ በፊት ተወስነው ማለቃቸው ነው።

ከፍታውን እናስቀድም። የቦሰት ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 2,447 ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከዚህ ብዙም አታንስም፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ እንጦጦ ላይ የሮጠ ሰው እሑድ ቦሰት ላይ ትንፋሽ ቢያጥረው ጥፋተኛው የአየሩ መሳሳት አይደለም። ያንን ማስጠንቀቂያ የኪሊማንጃሮ ወይም የሂማላያ መመሪያ ካነበበ ሰው ተቀብለን ለሁሉም ተራራ እናነበንበዋለን። ወለንጪቲ ከ1,400 ሜትር ጥቂት ከፍ ብላ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የደጋ ሰው እዚያ ሲወርድ የሚገጥመው ሙቀቱ ነው። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ ከብርድ አገር መጥቶ በዚያው ቀን የሚወጣ ሰው ይህን ጊዜ አላገኘም። «አየሩ ቀጭን ነው» ተብሎ የተነገረው መንገደኛ ራሱን ሲያመው ከፍታው ነው ብሎ ያልፈዋል፤ በእርግጥ ግን ውሃና ጥላ እያለቀበት ሊሆን ይችላል። የተሳሳተ ማስጠንቀቂያ ትክክለኛውን ምልክት ይሸፍናል።

በከፍታ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር አየሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ ላይ ስንደርስ ይሻለናል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ከታች 34 ከሆነ ከላይ ወደ 28 ሊወርድ ይችላል። ነገር ግን ቦሰት ከእሳተ ገሞራ የወጣ ድንጋይ ነው፤ ጥቁሩ አለት ጠዋት የጠጣውን ፀሐይ ቀትር ላይ ከታች ወደ ላይ ይተፋዋል። ቴርሞሜትር በጥላ የሚለካው ቁጥር እዚያ የሚሄደውን ሰው አይመለከተውም።

አሁን ቀኑን በሰዓት እናስላው። ስሌቱ አዲስ አይደለም፤ ናይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 ያወጣው ነው። ለአምስት ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ያዝ፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ጨምር ይላል። መኪናው ከቆመበት እስከ ጫፍ መንገዱ ስድስት ኪሎ ሜትር፣ አቀበቱ 900 ሜትር ነው እንበል። ለርቀቱ አንድ ሰዓት ከ12 ደቂቃ፣ ለአቀበቱ አንድ ሰዓት ተኩል፤ በድምሩ ሁለት ሰዓት ከ42 ደቂቃ። ይህ ግን ያለ ዕረፍት የሚሄድ ጠንካራ ሰው ሰዓት ነው። ሳምንቱን ወንበር ላይ የሚውል ሰው አንድ ጊዜ ተኩል ይፈጅበታል፤ አራት ሰዓት ያህል ማለት ነው።

ታዲያ ከለሊቱ 11 ተኩል ተቀጥሮ 1 ሰዓት የሚነሳው አውቶቡስ አዳማ ላይ ቁርስ አብልቶ ተራራው ሥር የሚያደርሰን ከረፋዱ 4 ሰዓት ነው። ጠንካራው 7 ሰዓት ሳይሞላ ጫፍ ላይ ይቆማል። ደካማው 8 ሰዓት ላይ ይደርሳል፤ ከ6 ሰዓት ጀምሮ ያለውን የቀኑን የጋለ ሙቀት በሙሉ አቀበት ላይ ያሳልፋል። ውሃውም እንደዚያው ነው። በእንዲህ ዓይነት ሙቀት በሰዓት ሦስት ሩብ ሊትር ቢጠጣ ለመውጫ ብቻ ሦስት ሊትር፣ ለመውረጃ ሁለት ሰዓት ተጨማሪ አንድ ሊትር ተኩል ይፈልጋል። ጠንካራው በሦስት ሊትር ይመለሳል። ገለጻው ለሁለቱም «ሁለት ሊትር ያዙ» ነበር ያለው። ለሁሉም እኩል የተባለው መጠን በተግባር ለማንም አይበቃም፤ ይበልጥ የሚጎዳው ግን ረጅም ሰዓት ፀሐይ ላይ የሚቆየው ነው።

መድኃኒቱ ዋዜማውን አዳማ ወይም ወለንጪቲ አድሮ 12 ሰዓት ላይ መንገድ መጀመር ነው። ያኔ የመጨረሻው ሰው 4 ሰዓት ላይ ጫፍ ደርሶ ቀትር ላይ ሥሩ ይመለሳል። 5 ሰዓት ሲሆን ደግሞ የትም ይደረስ የትም መመለስ፤ ይህ ሰዓት ከመኪናው ሳይወረድ ለሁሉም ይነገር፣ ጫፉ ሁለት መቶ ሜትር ቢቀረው እንኳ አይሻር። የአካባቢው እረኛ ቀትር ላይ ከጥላ ሥር የሚገኘው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም።

የአካሄዱ ነገር ከሁሉም ያበሳጨኛል። ደንቡ «ጠንካሮች ከፊት ይሂዱ፣ ማረፊያው ላይ እንጠባበቃለን» ነው። ማረፊያው ላይ ቆማችሁ ተመልከቱ። የፊተኞቹ ደርሰው ቦርሳቸውን አውርደዋል፣ ብርቱካን ልጠዋል፣ ፎቶ ተነሥተዋል፣ ላባቸው ደርቋል። ሃያ ደቂቃ ቆይታ አንዲት ሴት ፊቷ ቀልቶ፣ እጆቿን ጉልበቶቿ ላይ አሳርፋ ትደርሳለች። ሁሉም ያጨበጭብላታል። ከዚያም «በሉ እንግዲህ፣ ሁላችንም ተገናኘን፣ እንነሳ!» ይባላል። እንዲህ ዓይነት ማረፊያ አራት ጊዜ ካለ ጠንካሮቹ 80 ደቂቃ አርፈዋል፤ ዕረፍቱ የሚያስፈልጋት ሴት አንዲትም ደቂቃ አላረፈችም። በዚያ ላይ ጠብቀናታል ብለው ውለታ ይቆጥሩባታል።

ዕረፍት መቆጠር ያለበት የመጨረሻው ሰው ከተቀመጠበት ደቂቃ ጀምሮ ነው። ከፊት የሚሄደውም ከቡድኑ ደካማ የሆነው፣ ወይም ከእሱ ጋር እያወራ መራመድ የሚችል መሪ ይሁን። መለኪያው ቀላል ነው፤ እየሄደ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መናገር ያልቻለ ሰው ከአቅሙ በላይ እየሄደ ነው። ከኋላ ደግሞ ማንንም ጥሎ የማያልፍ፣ ተጨማሪ ውሃና ጨው ያለበት ምግብ የያዘ አንድ ሰው ይመደብ። ብዙ ላብ ላፈሰሰ ሰው ንጹሕ ውሃ ብቻ ያለ ልክ ማጠጣት የደሙን ጨው አቅጥኖ ሌላ ሕመም ያመጣልና ቆሎም ቢሆን ጨው ይኑርበት።

እና ያ «አይዞሽ፣ ደርሰናል!» የሚባለው። ከዚህ ጉብታ ወዲያ ነው ይባላል፤ ከጉብታው ወዲያ ሌላ ጉብታ አለ። በደግነት የሚነገር ውሸት መሆኑን አውቃለሁ፤ ሁላችንም ከመንገድ ላይ ሰው እንዲህ ተብለን አድገናል። ነገር ግን ሰሚዋ ግማሽ ሊትር ቀርቷታል፣ «ደርሰናል» ስለተባለች ትጨርሰዋለች። አንድ ሰዓት ተኩል እንደቀረ ቢነገራት ግን ውሃዋን ትቆጥበው ነበር፣ ወይም እዚያው ትመለስ ነበር። የመመለስን መብት የሚነጥቃት ይህ ማበረታቻ ነው። መሪው የቀረውን ሰዓት በትክክል የማያውቅ ከሆነ ደግሞ መሪ አይደለም።

ሙቀቱ ሰውን ሲጥል እንዴት ይታወቃል? ማዞርና ማቅለሽለሽ፣ የጡንቻ መኮማተር ሲመጣ ጥላ፣ ውሃና ጨው ይበቃል፤ የዚያ ቀን ጉዞ ግን ያበቃል። ሰውየው የተጠየቀውን ትቶ ሌላ ከመለሰ፣ ከተንገዳገደ፣ ወይም ያለ ምክንያት ከተቆጣ ግን አንጎሉ ግሏል ማለት ነው፤ ቆዳው በላብ ረጥቦ ሊሆን ይችላል፣ «እያላበው ስለሆነ ደህና ነው» አይባልም። ልብሱን አቅልሎ ያለውን ውሃ ሁሉ ሰውነቱ ላይ እያፈሰሱ ማራገብ ይቀድማል፤ ወደ አዳማ ሆስፒታል መሮጥ ከዚያ በኋላ ነው። ውሃውን ለመጠጥ ብሎ የሚቆጥብ ቡድን ሰው ያጣል።

ስለ ክረምት አጭር ነገር ልበል። በሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት በኋላ ደመና ሲከመር ራቁት ጫፍ ላይ መገኘት ለመብረቅ መቆም ነው፤ ደረቅ የሚመስለው ቦረቦርም እዚህ ሳይዘንብ ከላይ በዘነበው ጎርፍ ይሞላል። ለዚህም መልሱ ያው የጠዋቱ ሰዓት ነው።

ይኸው ገለጻ በወሩ ወደ ባሌ ይጓዛል። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፤ መኪና እስከ ጫፉ አካባቢ ስለሚወጣ የአዳማና የወለንጪቲ ሰው በሁለት ቀን ጉዞ ወደ ሦስት ሺህ ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ይጨምራል። እዚህ ላይ የከፍታው ማስጠንቀቂያ ሕይወት ነው፤ ግን በቦሰት ከንቱ ሲነገር የሰለቸው ሰው አይሰማውም። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚታደርበት ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ማለት የለበትም። ጎባ ወይም ዲንሾ አድሮ ሳኔቲን በቀን አይቶ መመለስና እዚያው ሳኔቲ ላይ ድንኳን መትከል የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሚያሳዝነው፣ ቦሰት ላይ አንደኛ የወጣው ወጣት እዚህ ዋስትና ያለው ይመስለዋል። ጉልበት ከከፍታ ሕመም አያድንም፤ እንዲያውም ጠንካራው ይፈጥናል፣ ራስ ምታቱን ይደብቃል። ራስ ምታቱ ላይ ማቅለሽለሽ ከተጨመረ ወደ ላይ አይኬድም። ተረከዝን ከጣት እያገናኘ በቀጥታ መስመር መራመድ ያቃተውን ሰው ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ይዞ መውረድ ነው።

አስተባባሪዎች ዋጋ ይጨምራል፣ ማደሪያ ሲባል ተመዝጋቢ ይቀንሳል ይላሉ። ይቀንሳል። ማደር የማይፈልገውን ቡድን ጫፍ ሳይሉት እስከ 1,800 ሜትር ያለውን ግርጌ በጠዋት ዙሮ በ6 ሰዓት ወለንጪቲ ምሳ እንዲበላ አድርጉ፤ በማስታወቂያውም ላይ እንደዚያው ጻፉት። ምዝገባ ላይ ቲሸርት ስንት ቁጥር ትለብሳለህ ከሚለው ጥያቄ ጎን ደግሞ ባለፈው ወር ሳታርፍ ስንት ሰዓት በእግርህ ሄደሃል፣ ምን መድኃኒት ትወስዳለህ የሚሉ ሁለት መስመሮች ቢጨመሩ፣ ማን ከየትኛው ቡድን ጋር እንደሚሄድ አውቶቡሱ ከመነሳቱ በፊት ይታወቃል።