«ሊሆን ይችላል»ን ማን ሰረዘው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ሉሲ አሟሟት የጻፍኩትን መጣጥፍ ይዤ አንድ የጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ገባሁ። የጋዜጣውን ስም ማንሳት አያስፈልግም። አዘጋጁ በዕድሜም በሙያም አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ጽሑፌን በቀይ እስክሪብቶ ሲያርሙ አጠገባቸው ቆሜ እመለከት ነበር። «ከዛፍ ላይ ወድቃ ሞታ ሊሆን ይችላል» የሚለው ዘንድ ሲደርሱ የመጨረሻዎቹን ቃላት በአንድ መስመር ሰርዘው «ከዛፍ ላይ ወድቃ ሞተች» አደረጉት።

«ጋሼ፣ ጥርጣሬው እኮ የኔ አይደለም። የተመራማሪዎቹ ነው» አልኳቸው።

«ስማ ልጄ» አሉኝ ከወረቀቱ ቀና ሳይሉ፤ «አንባቢ ጋዜጣ የሚገዛው ጥርጣሬ ሊሸምት አይደለም። ጥርጣሬማ ቤቱም ሞልቶታል።»

አነጋገራቸው አሳቀኝ፤ አልተከራከርኩም። ጽሑፉ ታትሞ ሲወጣ ግን ርእሱ ላይ እኔ ያልጻፍኳት አንዲት ግሥ ተቀምጣ አገኘኋት። «ተመራማሪዎች አረጋገጡ» ይላል። የዛሬው ሙግቴ ከዚያች ግሥ ጋር ነው። ካዘጋጁ ጋር ብቻ እንዳይመስል ደግሞ ከራሴም ጋር ነው፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እናገራለሁ።

በመጀመሪያ ነገርን ከሥሩ እንያዘው። የሉሲ፣ በኛ አጠራር የድንቅነሽ፣ አጥንቶች የተገኙት በኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር በተባለው ሥፍራ ነው። ከአካሏ 40 በመቶ ያህሉ ተርፎልናል። አጥንቶቿ አሜሪካን ሲዞሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ኦስቲን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በሲቲ ስካን ተነሡ፤ ከ35 ሺህ የሚበልጡ ምስሎችም ተገኙ። ጆን ካፔልማን የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እነዚህን ምስሎች ሲያጠኑ ቆይተው፣ በነሐሴ 2016 (እ.ኤ.አ.) «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ ሉሲ ከረጅም ዛፍ ላይ ወድቃ እንደሞተች የሚጠቁም ማስረጃ አገኘን አሉ። «የሚጠቁም» የሚለው ቃል የገባው ከጥናቱ መጨረሻ በሚሸጎጥ ማስጠንቀቂያ ውስጥ ሳይሆን በራሱ በጥናቱ ርእስ ላይ ነው። ጋዜጦች ዘንድ ሲደርስ ግን ተኖ ጠፋ።

ለመሆኑ ይህ ቃል ምን ይሠራ ነበር? ይህን ለማወቅ የጥናቱን መንገድ ደረጃ በደረጃ መውረድ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ደረጃ አጥንቱ ተሰብሯል የሚል ነው። የቀኝ እጇ የላይኛው ክንድ አጥንት፣ ከትከሻዋ ጋር ከሚገጥምበት ዘንድ፣ ተሰባብሯል። ይህ በዓይን የሚታይ ነገር ስለሆነ ማንም አይጠራጠረውም። ሁለተኛው ደረጃ የስብራቱ ጊዜ ነው። ጠርዙ ስለታም ነው፤ ጥቃቅን ስንጣሪዎቹ ከቦታቸው አልተበተኑም፤ አጥንቱ መጠገን የጀመረበት ምልክትም የለም። ተመራማሪዎቹ ከዚህ ተነሥተው ስብራቱ የደረሰው በሞተችበት ጊዜ አካባቢ ነው አሉ። ሦስተኛው ደረጃ ምክንያቱ ነው። ሰው ከከፍታ ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ መሬቱን ለመመከት ሲሞክር ትከሻው ላይ የሚደርስበት ስብራት ይህን ይመስላል። ስለዚህ ወድቃ ነው አሉ። አራተኛው ከምን ወደቀች የሚለው ነው። አካባቢውና የቺምፓንዚዎች ልማድ ታይቶ፣ ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ዛፍ ተባለ።

እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል። ከላይ ወደ ታች በወረድን ቁጥር መሬቱ እየሳሳ ይሄዳል። የመጀመሪያው ማየት ነው። ሁለተኛው ካዩት ተነሥቶ መፍረድ ነው። ሦስተኛው ማመሳሰል ነው። አራተኛው በሦስቱ ላይ የተደረበ ግምት ነው። ሉሲን ያገኟት ዶናልድ ጆሃንሰንና የበርክሌዩ ቲም ኋይት የተቃወሙትም በሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ስብራት ቅሪተ አካል ከተቀበረ በኋላ በአፈርና በድንጋይ ክብደትም ይደርሳል፤ ዛፍ በማይወጡ እንስሳት አጥንት ላይም ሞልቷል ሲሉ ተከራከሩ። ሁለተኛው ከተናጋ ሦስተኛውና አራተኛው አብረው ይናጋሉ። «አረጋገጡ» የሚለው ርእስ ግን አራቱንም ደረጃዎች አንድ ሜዳ አደረጋቸው። አንባቢው በሳምንቱ የተቃዋሚዎቹን ቃል ሲሰማ «እነዚህ ሰዎች አንዴ ይህን፣ አንዴ ያንን ይላሉ» ብሎ ጋዜጣውን ጣለው። ተመራማሪዎቹ ግን ከመጀመሪያውም አረጋገጥን አላሉም። ውሸቱ የኛ ሆኖ ስሙ ለነሱ ተረፈ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። አዘጋጁ ቀይ እስክሪብቷቸውን ያነሡት ያለ ምክንያት አልነበረም። በመጀመሪያው ረቂቄ ውስጥ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረኝ፦ «ይህ ስብራት ሉሲ ምናልባት ከዛፍ ላይ ወድቃ ሞታ ሊሆን ይችላል የሚለውን ሐሳብ በተወሰነ ደረጃ የሚጠቁም ይመስላል።» መቼም ይህ አማርኛ ነው ብሎ የሚሟገትልኝ ሰው አይገኝም። «ምናልባት»፣ «ሊሆን ይችላል»፣ «በተወሰነ ደረጃ»፣ «የሚጠቁም»፣ «ይመስላል»፤ አምስት የጥንቃቄ ቃላት ለአንድ ጥርጣሬ! አንባቢ አምስቱን ደምሮ የጥርጣሬውን መጠን አያሰላም። ጸሐፊው ፈርቷል ብሎ ብቻ ያልፋል።

እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር ስናቃና ቃላቱን አንድ በአንድ እያወጣን እንፈትን። አንዱ ቃል ሲወጣ የተባለው ነገር ከተለወጠ፣ ማለትም ተመራማሪው ቢያነበው «ይህን እኔ አላልኩም» የሚል ከሆነ፣ ቃሉ ይመለስ። ካልተለወጠ ይሰረዝ። «ምናልባት»ን ባወጣ «ሊሆን ይችላል» ሥራውን ይሠራል፤ ስለዚህ ይውጣ። «በተወሰነ ደረጃ» የትኛው ደረጃ እንደሆነ አይናገርም፤ ይውጣ። «ይመስላል» የ«የሚጠቁም» ጥላ ነው፤ እሱም ይውጣ። ከቀሩት ከ«ሊሆን ይችላል»ና ከ«የሚጠቁም» አንዱ ይበቃል፤ እሱን ግን ማንም አይንካብን። የተረፈው ቃል ደግሞ በትክክለኛው ደረጃ ላይ ይቀመጥ። የስብራቱ መኖር ላይ ሳይሆን የስብራቱ ምክንያት ላይ ማለት ነው።

ዛሬ ብጽፈው እንዲህ አደርገዋለሁ፦ «የሉሲ የቀኝ ክንድ አጥንት ትከሻዋ ዘንድ ተሰባብሯል። ጠርዙ ስለታም ስለሆነና የመጠገን ምልክት ስለሌለው፣ እነ ካፔልማን ስብራቱ በሞተችበት ጊዜ አካባቢ የደረሰ ነው ይላሉ። በነሱ አስተያየት ከዛፍ ላይ ወድቃ ሳትሞት አልቀረችም። እነ ጆሃንሰን ግን አጥንቱ ከተቀበረ በኋላም ሊሰበር ይችላል ባዮች ናቸው።» የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ምንም የጥንቃቄ ቃል የለውም፤ አያስፈልገውምና። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው ባለቤት አላቸው። ማን እንዳለው ከታወቀ ደግሞ ግማሹ ጥንቃቄ በዚያው ተፈጸመ።

እዚህ ላይ ቋንቋችን ምን ያህል እንደሚያግዘን ማየት ደስ ይላል። አማርኛ እርግጠኝነትን የሚያስቀምጠው ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ፣ ከግሡ ጋር ነው። «ሞታ ሊሆን ይችላል» በሩን ክፍት ይተዋል። «ሳትሞት አልቀረችም» ወደ አዎንታው ያጋድላል። «ሞተች» በሩን ይዘጋል። ተርጓሚ ሁሉንም በ«ሊሆን ይችላል» ሲያስኬድ ሰጪው ያልሰጠውን ጥርጣሬ ይጨምራል፤ ሁሉንም በ«ነው» ሲዘጋ ያልሰጠውን እርግጠኝነት ይጨምራል። ሁለቱም ስርቆት ነው። ለዚህ ነው በካፔልማን አፍ «ሳትሞት አልቀረችም» ያልኩት፤ በራሴ አፍ ብናገር ግን ክርክሩን አውቃለሁና «ሊሆን ይችላል» ከማለት አላልፍም።

ጥንቃቄ ሲበዛም እንደሚያሳስት አንድ ምሳሌ ልጨምር። «ሉሲ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሚሆናት ይገመታል» የሚል ጽሑፍ በየጊዜው አነባለሁ። ዕድሜዋ የተለካው በአጥንቶቿ አካባቢ በሚገኘው የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ያለውን የአርጎን ጋዝ በመመርመር ነው። «ገደማ» የልኬቱን ጠባብ ልዩነት ይገልጻልና ይቆይ። «ይገመታል» ግን አንድ ሰው ጥላ ሥር ተቀምጦ የገመተው ያስመስለዋል። ይህን ቃል መሰረዝ ድፍረት ሳይሆን ትክክለኛነት ነው።

በመጨረሻ ልማድ ሆኖብን የምንሰርዘው፣ ነገር ግን ፈጽሞ ሊነካ የማይገባው የጥንቃቄ ቃል አለ። ይህም የማዕረግ ስም የሆነው ነው። በፈረንሳይ ሊዮን የሚገኘው የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ነገሮችን በማስረጃቸው ጥንካሬ ይመድባል። በአንዱ ምድብ ካንሰር «ያመጣል»፣ በሁለተኛው «ሳያመጣ አይቀርም»፣ በሦስተኛው «ሊያመጣ ይችላል» ይላል፤ ማስረጃው የማያስመድበውን ደግሞ ለብቻው ያስቀምጠዋል። ቡናችን እ.ኤ.አ. በ1991 ከሽንት ፊኛ ካንሰር ጋር ተያይዞ «ሊያመጣ ይችላል» የሚለው ምድብ ውስጥ ገብቶ ነበር። በ2016 ከዚያ ወጥቶ ወደማይመደበው ተዛወረ። በዚያው ዓመት ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚፋጅ ማንኛውም መጠጥ፣ በሙቀቱ ምክንያት፣ የምግብ ማውረጃ ቧንቧ ካንሰር «ሳያመጣ አይቀርም» በሚለው ገባ። እነዚህን ቃላት ለጆሮ እንዲጥሙ ብሎ የሚያለዝብ ወይም የሚሰርዝ አራሚ የወታደርን ማዕረግ ከትከሻው እንደሚገፍ ሰው ነው። ምድቡ ስለ ማስረጃው ጥንካሬ እንጂ ስለ አደጋው ብዛት እንደማይናገርም አብሮ ካልተጻፈ፣ አንባቢው ሲኒውን አስቀምጦ በከንቱ ይደነግጣል።

«ርእስ ላይ ቦታ የለም» የሚለኝ አይጠፋም። ቦታውን እኔም አውቀዋለሁ። ነገር ግን «ሉሲ ከዛፍ ወድቃ ይሆን?» የሚለው ርእስ «ተመራማሪዎች የሉሲን አሟሟት አረጋገጡ» ከሚለው ያጥራል። እውነቱ አጭር ሆኖ ሳለ ረጅሙን ውሸት የምንመርጠው የቦታ ጥበት አስገድዶን አይደለም።

እኚያ አዘጋጅ ዛሬም ጤነኛ ናቸው፤ አልፎ አልፎም እንገናኛለን። የሰረዟቸው አራት ቃላት ይባረኩ። አምስተኛውን ግን ይመልሱልኝ።