በደባርቅ፣ በዳባትና በመካነ ብርሃን ካሜራ ለምትገጥሙ ባለሙያዎች

ገመድ ስትዘረጉና ካሜራ ስታቆሙ አይቻለሁ፤ እጃችሁ ጥሩ ነው። ቅሬታዬ በኋላ ስለሚሆነው ነው። ከዲቪአሩ ምስል ወደ ፍላሽ ትገለብጡና ሌላ ኮምፒዩተር ላይ መከፈቱን ሳታዩ ለባለንብረቱ ሰጥታችሁ ትሄዳላችሁ።

ደባርቅ ውስጥ ሱቁ ሌሊት የተሰበረበት አንድ ነጋዴ እንዲህ ያለ ፍላሽ ይዞ መጣ። ፋይሉ በ .dav የሚያልቅ ስለነበር ፖሊስ ዘንድ ያለው ኮምፒዩተር አልከፍትም ብሏል። ገጣሚውን ሲጠይቅ «ስክሪኑን በስልክህ ቅረጸው» ተባለ። በስልክ የተቀረጸ ስክሪን ፊትና ታርጋ የሚለይበትን ጥራት ያጠፋል፤ ማስረጃ ለሚፈልግ ሰው ይህን መምከር ተገቢ አይደለም።

.dav የዳሁዋ መቅጃዎች መያዣ ነው። በውስጡ ያለው ምስል ግን እንደ ሌላው ቪድዮ H.264 ወይም H.265 ነው። ስለዚህ ምስሉን ሳይነኩ መያዣውን ብቻ መቀየር ይቻላል፤ ኤፍኤፍኤምፔግ ከ4.3 ጀምሮ ይህን ፋይል ያነባል።

```
ffmpeg -i ch1.dav -c:v copy -c:a aac ch1.mp4
```

ድምፁንም እንዳለ ልቅዳ ካላችሁ ብዙ ጊዜ ስህተት ይመጣል፤ መቅጃዎቹ ድምፁን የሚይዙበትን ዓይነት mp4 አይቀበለውምና። ከላይ ያለው ትእዛዝ ድምፁን ብቻ ይለውጣል።

ፋይሉ ተከፍቶ ድምፅ እየተሰማ ምስሉ ጥቁር ከሆነ ምስሉ H.265 ነው፣ ኮምፒዩተሩም ማንበቢያው የለውም ማለት ነው። ቪኤልሲ ያነበዋል፤ በዚፕ የሚወርደው ሳይጫን ስለሚሠራ ፍላሹ ላይ አብራችሁ አስቀምጡት። መቅጃውን ወደ H.264 መመለስም ይቻላል፤ ግን የሚጠቅመው ከዚያ ወዲህ ለሚቀዳው ብቻ ነው፣ ዲስኩም ቶሎ ይሞላል። ምንም ብታደርጉ ዋናውን .dav አታጥፉ፤ መርማሪው ሊፈልገው ይችላል።

የነጋዴውን ፋይል በዚህ መንገድ ከፈትኩት። የታየው ግን የጠዋት ብርሃንና ገበያተኛ ነው! ሌባው የገባው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ10 አካባቢ ነበር፤ የተገለበጠው ደግሞ በመቅጃው 08:10 ነው። የኛ ሌሊት 8:10 መቅጃው ላይ 02:10 ነው፤ 08:10 ማለት ጠዋት 2:10 ነው። ወደ ዲቪአሩ ስንመለስ ዲስኩ ሞልቶ ያንን ሌሊት በአዲስ ቀረጻ ደምስሶታል።

ገጣሚው ያን ዕለት ፋይሉን በራሱ ላፕቶፕ ለአንድ ደቂቃ ቢከፍተው ሁለቱንም ስህተት ያይ ነበር። ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው፤ ሰዓቱን ከባለንብረቱ ጋር በኛም በመቅጃውም አቆጣጠር ጽፋችሁ ተስማሙ፣ ከዚያ ገልብጡ፣ ፋይሉንም ዲቪአሩ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ እርሱ እያየ ከፍታችሁ አሳዩት። ክፍያውን ከዚያ በኋላ ተቀበሉ።