ከ600 ወደ 2,000 ብቻ አይደለም

በዚህ ሳምንት ያናደደኝ አንድ ወረቀት ነው። ያመጣልኝ ከቃሊቲ መናኸሪያ ብዙም ሳይርቅ የሚኖር፣ የመገናኛ ብዙኃን ሥራ ከጀመረ ብዙ ያልቆየ ወጣት ጋዜጠኛ ነው። በ2017 ዓ.ም. የወጣውን የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ጊዜ ለሌላቸው ባልደረቦቹ በአንድ ገጽ አሳጥሮ ጽፎታል። “ጋሼ፣ የሚመጡትን ረቂቆችም በዚሁ መልክ ልሠራ ነውና እስቲ ይዩልኝ” አለኝ።

ወረቀቱ ንጹሕ ነው፣ አማርኛውም ደህና ነው። ከግብር ነጻ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል ይላል። ቀጥሎ የግብር መሠረቱ ይሰፋል፣ ፍትሐዊነት ይረጋገጣል ይላል። የመጀመሪያው እውነት ነው። የቀሩት ሁለቱ ግን ከረቂቁ ጋር ከሚመጣው ማብራሪያ የተቀዱ ናቸው። ይህን ዓምድ የምትከታተሉ ከማብራሪያ ጋር ያለኝን የቆየ ጠብ ታውቃላችሁ። ማብራሪያውን የሚጽፈው ሕጉ እንዲጸድቅ የሚፈልገው ወገን ነው፤ ጋዜጠኛ እሱን ሲያሳጥር የሚያሳጥረው የሌላውን ሰው ክርክር እንጂ ሕጉን አይደለም።

ልጁን አልወቅሰውም። የተወካዮች ምክር ቤት ሰኔ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. የ1.93 ትሪሊዮን ብር በጀት አጸደቀ። ሐምሌ 10 ደግሞ ይህን የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 አጸደቀ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለቱን አንብቦ፣ ጠይቆ፣ ጽፎ ማድረስ በትንሽ የዜና ክፍል ቀላል ሥራ አይደለም። ማሻሻያ አዋጅ ደግሞ ብቻውን የሚነበብ ነገር አይደለም። ገጽ በገጽ “የአዋጁ አንቀጽ ይህ ተሰርዞ በሚከተለው ተተክቷል” እያለ ይሄዳል፤ የተሰረዘውን ግን አያሳያችሁም። የተሰረዘው ያለው በ2008 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 979 ውስጥ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያልዘረጋ ሰው አዲሱን ቁጥር ያያል እንጂ ለውጡን አያይም።

ስለዚህ ወረቀቱን ገልብጠን በጀርባው አሮጌውን አንቀጽ 11 እና አዲሱን መደብ ጎን ለጎን ጻፍን። በአሮጌው የመጀመሪያው ግብር የሚጀምረው ከ600 ብር በላይ በ10 በመቶ ነበር፤ ከ10,900 ብር በላይ ያለው ክፍል 35 በመቶ ይከፍል ነበር። በአዲሱ እስከ 2,000 ብር ነጻ ነው። ከዚያ እስከ 4,000 ብር 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ብር 20፣ እስከ 10,000 ብር 25፣ እስከ 14,000 ብር 30፣ ከዚያ በላይ 35 በመቶ ነው። የ10 በመቶው መደብ ጠፍቷል፤ ከነጻው ወለል የወጣ ሰው በቀጥታ 15 በመቶ ውስጥ ይገባል። ይህ ለአንባቢ የሚነገር ነገር ነው፤ በልጁ ወረቀት ላይ ግን አልነበረም።

ቀጥሎ ሰው ያስፈልጋል። እኛ አቃቂ ቃሊቲ ነን፤ ማለዳ ወደ ፋብሪካ የሚገባውን፣ ማታ የሚወጣውን ሠራተኛ በየቀኑ እናያለን። በወር 5,000 ብር የሚከፈላትን ሠራተኛ እንውሰድ። በአሮጌው አዋጅ ግብሯ ከ5,000 ብር 20 በመቶ ተወስዶ፣ የደመወዝ ከፋዮች እንደሚያደርጉት 302 ብር ከ50 ሲቀነስ፣ 697 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። በአዲሱ 20 በመቶው ላይ የሚቀነሰው 500 ብር ስለሆነ የምትከፍለው 500 ብር ብቻ ነው። ከደመወዟ 7 በመቶ የሚቆረጠው የጡረታ መዋጮ 350 ብር አልተነካም። በእጇ የሚገባው ከ3,952 ብር ከ50 ወደ 4,150 ብር ከፍ አለ፤ ልዩነቱ 197 ብር ከ50 ነው። ይህ ገንዘብ ዋጋ አለው፤ እሷም የምታውቀው ይህንኑ ነው። ይህን ሂሳብ በአንድ ገጽ ላይ የሚያስገባ ጋዜጠኛ፣ ማብራሪያውን ከገለበጠው ይልቅ ለአንባቢው ብዙ ሠርቶለታል።

ሂሳቡን ወደ ላይ ስንቀጥል ግን ልጁ ያልጠበቀው ነገር መጣ። 10,000 ብር የሚያገኝ በወር 395 ብር ይቀርለታል። 14,000 ብር የሚያገኝ 550 ብር ይቀርለታል። ከ14,000 በላይ ያለ ማንኛውም ሰው፣ 20,000 ቢያገኝም 100,000 ቢያገኝም፣ የሚቀርለት ያው 550 ብር ነው። ዝቅተኛ ተከፋይን ለመደገፍ ነው የተባለው ማሻሻያ በብር ሲቆጠር ለባለ 100,000 ብር ደመወዝተኛ የሚሰጠው ለፋብሪካ ሠራተኛዋ ከሚሰጠው ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ነው። ከደመወዝ አንጻር በመቶኛ ሲታይ ግን ለእሷ ወደ 4 በመቶ፣ ለእሱ ግማሽ በመቶ ገደማ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ስለዚህ ሁለቱም ይጻፉ። አንዱን ብቻ የጻፈ ጋዜጠኛ ሳያውቀው ወገን ይዟል።

እዚህ ላይ “ጋዜጠኛ የሂሳብ ሠራተኛ አይደለም” የሚሉኝ አሉ። ማባዛትና መቀነስ የማይችል ሰው ስለ መንግሥት ገንዘብ ባይጽፍ ይሻላል።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው እኔን በጣም የሚያሳስበኝ። የደመወዝ ግብር ነጻ ወለል በ1994ቱ አዋጅ 150 ብር ነበር፣ በ2008 ዓ.ም. 600 ብር ሆነ፣ አሁን 2,000 ብር ሆነ። በመካከል ባሉት ዓመታት ደመወዙ ሲያድግ መደቡ ባለበት ቆሟል። በ2008 ዓ.ም. 1,500 ብር የሚከፈለው ሰው ግብሩ 90 ብር ነበር፤ ከደመወዙ 6 በመቶ ማለት ነው። የዚያ ሰው ደመወዝ በአራት እጥፍ አድጎ ዛሬ 6,000 ብር ደርሷል እንበል። በአዲሱ፣ “እፎይታ” በተባለው አዋጅ ግብሩ 700 ብር ነው፤ ወደ 12 በመቶ ይጠጋል። ገበያው ግን በነዚያ ዓመታት ከአራት እጥፍ በላይ ወጥቷል፤ በተለይም ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ማንም ቤተሰብ ይህን ይነግራችኋል። ይህ ሰው ከ2008ቱ የበለጠ ዕቃ አይገዛም፤ ከደመወዙ ለግብር የሚሰጠው ድርሻ ግን እጥፍ ገደማ ሆኗል። ነጻ ወለሉ ያደገው ሦስት እጥፍ ከሲሶ ብቻ ነው።

“ጋሼ፣ ታዲያ እፎይታ አይደለም ልበል?” አለኝ። እንዲያ አትበል አልኩት፤ ከሰኔ 2017 ጋር ስታነጻጽረው እፎይታ ነው፣ ከ2008 ጋር ስታነጻጽረው ደግሞ ሸክሙ ከብዷል። መነሻውን ካልነገርክ “ከፍ አለ” የሚለው ቃል ትርጉም የለውም። ስለዚህ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ለማንኛውም የግብር ወይም የክፍያ ረቂቅ አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ መኖር አለበት፤ ይህ ቁጥር በስንት ዓመት ይከለሳል? የሚከልሰውስ ማን ነው? ለዚህ መልስ የሚሰጥ አንቀጽ ተፈልጎ ከጠፋ፣ መጥፋቱ ራሱ ዜና ነው።

በሠራተኛው ላይ ማተኮሬ በዝቷል፤ አቃቂ ባለ ወርክሾፕም አለና ስለ እሱም ሁለት አንቀጽ ያህል ልበል። በዚሁ አዋጅ ውስጥ አንድ ነገር በአንድ መስመር ታልፋለች። የንግድ ድርጅት ከትርፉ የሚሰላው ግብር ከዓመታዊ ሽያጩ 2.5 በመቶ በታች ከሆነ የሚከፍለው ይህን 2.5 በመቶ ነው። የብረት በርና መስኮት የሚሠራ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አስቡ፤ የዓመት ሽያጩ 10 ሚሊዮን ብር፣ ትርፉ 400,000 ብር ነው። በ30 በመቶው የትርፍ ግብር የሚከፍለው 120,000 ብር ነበር። የሽያጩ 2.5 በመቶ ግን 250,000 ብር ነው። ስለዚህ 250,000 ይከፍላል፣ ከትርፉም 150,000 ይቀረዋል።

ድንበሩን ማግኘት ቀላል ነው። 2.5ን ለ30 ስታካፍሉት 8.3 በመቶ ገደማ ይመጣል። ከመቶ ብር ሽያጭ 8 ብር ከ30 ሳንቲም ያህል የማያተርፍ ማኅበር በዚህ አንቀጽ ይነካል፤ ከዚያ በላይ የሚያተርፍ አይነካም። ሐሰተኛ ኪሳራ የሚያቀርበውን ለመያዝ የታሰበ መሆኑ ይገባኛል፤ ይህ ልማድ እንዳለም አልክድም። ግን ብረቱን ውድ ገዝቶ በትንሽ ትርፍ የሚሸጠውን ሐቀኛ ባለ ወርክሾፕ ከዋሾው የሚለየው ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ በወረቀቱ ላይ ያገኘ ዘጋቢ ወደ ፕላን፣ በጀትና ፋይናንስ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ የሕዝብ አስተያየት መድረክ ጥያቄ ይዞ ይሄዳል፤ ያላገኘው ፎቶ አንስቶ ይመለሳል።

ልጁ “ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ አይገባም” ብሎ ተከራከረኝ። ተቀምጠን ቆረጥን። የመግቢያውን ምክንያቶች አወጣን፣ የትርጓሜ አንቀጹን አወጣን፣ “ፍትሐዊነት” የሚለውን አወጣን። የቀሩት የሁለቱ መደቦች ማነጻጸሪያ፣ የሦስት ደመወዞች ሂሳብ፣ የ2008ቱ ንጽጽር፣ የወርክሾፑ ምሳሌና ለኮሚቴው የሚቀርቡ ጥያቄዎች ናቸው። በራስጌው ላይ ደግሞ ያነበበው ጽሑፍ የትኛው እንደሆነ፣ ከየትኛው ቀን እንደሆነ እንዲጽፍ አደረግሁ። ረቂቅ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ሲመጣ ያለው ቁጥርና ከቋሚ ኮሚቴ ሲመለስ ያለው ቁጥር ሊለያይ ይችላል፤ ወረቀቱ ቀን ከሌለው ባልደረባው ከወር በኋላ የተሻረውን ቁጥር ለአየር ያበቃዋል።

ለሚቀጥለው ረቂቅ ደግሞ ከመጨረሻው እንዲጀምር ነገርኩት። የመሸጋገሪያ ድንጋጌዎች፣ የተሻሩ ሕጎችና ሕጉ ሥራ ላይ የሚውልበት ጊዜ የሚቀመጡት እዚያ ነው፤ ሠራተኛዋም ደመወዝ ከፋዩን የምትጠይቀው መጀመሪያ “ከየትኛው ወር ጀምሮ ነው?” ብላ ነው።