የፀሐይ መብራት በዋት ስንት ያወጣል? ዋጋውንስ በስንት ዓመት ይመልሳል?

ጅማ ከተማ፣ አወቱ መንደራ የሚኖር አንድ ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ መብራት መጥፋቱ ቢያማርረው የፀሐይ መብራት ሊገዛ አሰበ እንበል። ሻጩ «ዋቱ በ60 ብር ነው» ይለዋል። ለስሌቱ እንዲያመች የምንጠቅሳቸው ዋጋዎች ሁሉ ምሳሌ ናቸውና አንባቢ በገበያው ዋጋ ይተካቸው።

60 ብር የተባለው የሰሌዳው ብቻ ዋጋ ነው። ባለ 200 ዋቱ ሰሌዳ 12,000 ብር ቢሆን፣ ባትሪው 24,000፣ ኢንቨርተሩ፣ መቆጣጠሪያው፣ ሽቦውና የሠራተኛው ዋጋ ደግሞ 24,000 ቢደርስ ድምሩ 60,000 ብር ይሆናል። ይህ ለ200 ሲካፈል እውነተኛው ዋጋ በዋት 300 ብር ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ ምርቱን እናስላ። በጅማ ሰማይ ሙሉ ኃይል ያለው ፀሐይ በዓመት አማካይ በቀን 5 ሰዓት ያህል ይገኛል፤ በክረምት ግን ደመናው ወደ 4 ሰዓት ያወርደዋል። ሙቀት፣ አቧራ፣ ሽቦና ባትሪ ከመቶ 30 ያህሉን ይበላሉ። ስለዚህ 200 ዋት በ5 ሰዓትና በ0.7 ሲባዛ በቀን 700 ዋት ሰዓት፣ በዓመት 255 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይገኛል። አንዱ ኪሎዋት ሰዓት 4 ብር ቢሆን፣ ኃይሉ ሳይባክን ሁሉ ቢሠራበት እንኳ ከመብራት ሂሳብ የሚተርፈው 1,000 ብር ብቻ ነው።

መብራት ሲጠፋ ለሻማና ለስልክ መሙያ በዓመት የሚያወጣው 3,000 ብር ቢታከልበት ቁጠባው 4,000 ይሆናል። ነገር ግን ባትሪው ከ8 ዓመት በኋላ ይለወጣልና ለእርሱ በየዓመቱ 3,000 ብር ማስቀመጥ ያሻል። የሚቀረው 1,000 ብር ነው። 60,000 ለ1,000 ሲካፈል 60 ዓመት! ሰሌዳው ራሱ የሚያገለግለው ግን 25 ዓመት ገደማ ነው።

አሁን ይኸው ሰው ባለ 20 ዋት ትንሽ መብራት ከነባትሪው በ6,000 ብር ይግዛ። ይህም በዋት 300 ብር ነው። በክረምት ቀን እንኳ 56 ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ሁለት ባለ 5 ዋት አምፖሎችን 4 ሰዓት አብርቶ አንድ ስልክ ይሞላል። ከሻማው ወጪ 2,500 ብር ቢያስቀርለትና ለባትሪ መለወጫ 500 ቢያስቀምጥ፣ በዓመት 2,000 ብር ይተርፈዋል፤ ዋጋውን በ3 ዓመት ይመልሳል።

የዋቱ ዋጋ አንድ ሲሆን ልዩነቱ ከየት መጣ? ትንሹ ውዱን ሻማ ሲተካ፣ ትልቁ በአብዛኛው ርካሹን የመስመር ኤሌክትሪክ ስለሚተካ ነው። በአጋሮ በኩል የኤሌክትሪክ መስመር ያልደረሰበት የቡና ገበሬ ግን በወር ለላምባና ለጄኔሬተር ነዳጅ 1,500 ብር የሚያወጣ ከሆነና ትልቁ ይህን ሁሉ ከተካለት፣ የባትሪው 3,000 ተቀንሶ በዓመት 15,000 ብር ይተርፈዋል፤ 60,000ውን በ4 ዓመት ይመልሳል።

እንግዲህ ሻጩን የዋቱን ዋጋ ከመጠየቅ በፊት ያለፉትን ሦስት ወራት የሻማ፣ የነዳጅና የመብራት ወጪ በደብተር ጽፎ መደመር ይቀድማል።