በዛብህን የገደለው ማን ነው?

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» አንብበው፣ በዛብህን የገደለው የፈረሰው ስለት ነው ብለው የሚፈርዱ ሰዎች አሉ። ወላጆቹ በሕፃንነቱ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ተስለውት ሳለ ሰብለ ወንጌልን ስለ ወደደ ተቀሠፈ ይላሉ።

ይህ ፍቺ በአርባ ምንጭና በጋሞ ደጋ ላደገ አንባቢ ፈጥኖ ይጥመዋል። በጋሞ ልማድ የአባቶችን ወግ መተላለፍ ጎሜ ይባላል፤ ጎሜም ደዌንና ሞትን ያመጣል ተብሎ ይታመናል። ነገር ግን አንባቢው ከቤቱ ይዞት የመጣው እምነት ሌላ፣ መጽሐፉ የሚመሰክረው ሌላ ነው።

የአንድምታ መምህር አንዱን ቃል በብዙ መንገድ ይፈታል፤ ይሁን እንጂ እያንዳንዱን «አንድም» ከንባቡ ጋር ሳያስማማ አያልፍም። ይህም ፍቺ በዚሁ ሚዛን ይመዘን። ስለቱ በመጽሐፉ ውስጥ በእውነት አለ፤ የበዛብህንም ልብ ያስጨንቃል። ስለዚህ «ስለቱ በዛብህን አስፈራው» የሚል ሰው ማስረጃው በእጁ ነው። «ስለቱ ገደለው» የሚለው ግን የባለ ታሪኩን ፍርሃት የደራሲው ፍርድ አድርጎ ያነባል። የሰው ፍርሃት ስለ ሰውየው ይመሰክራል እንጂ ስለሚፈራው ነገር እውነትነት አይመሰክርም።

ደግሞም ሞቱ በንባቡ ውስጥ ግልጥ ምክንያት አለው። በዛብህ የሞተው በመንገድ ወንበዴዎች ባቈሰሉት ቍስል ነው። ወደዚያ መንገድ ያወጣው ምንድን ነው ቢባል፣ ከሰብለ ወንጌል መለየቱ ነው፤ የለያቸውም ለልጃቸው ባል ሲመርጡ ዘር የሚቈጥሩት የፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት ነው። ይህ ሰንሰለት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጽፎ ይገኛል። የቅሥፈቱ ሰንሰለት ግን መካከለኛው ቀለበት የለውም፤ የሚሞላውም አንባቢው ራሱ ነው።

ስለት መሻር መቃብር የሚያወርድ ከሆነ፣ ጉዱ ካሣ ምን ስለት ሽሮ ነው ከሁለቱ ጋር በአንድ መቃብር የተኛው? ለአንዱ ሞት ብቻ የሚሠራ ፍቺ ለመጽሐፉ ፍቺ ሊሆን አይችልም። ከዚህም በላይ በዛብህ በሕይወት ቢተርፍ ኖሮ እነዚሁ ሰዎች «እግዚአብሔር ማረው» ባሉ ነበር። ቢሞትም ቢድንም የማይረታ አሳብ ከንባቡ የተገኘ አይደለም።

አንዳንዶች «ልብ ወለድ ነውና ሁሉም እንደ ወደደ ቢፈታው ምን ይጎዳል?» ይላሉ። ጉዳቱ ይህ ነው፦ በደሉ ከፊታውራሪው ትከሻ ወርዶ በሟቹ ላይ ይጫናል። ስለቱን የተሳሉት ወላጆቹ ናቸው፤ በዘር የናቁት መኳንንቱ ናቸው፤ ያቈሰሉት ወንበዴዎች ናቸው። በዚያ ፍቺ ግን ከዚህ ሁሉ መካከል ተከሳሽ ሆኖ የሚቀርበው የሞተው ብቻ ነው።