«ሸጠን» እና «አናውቅም» አይለያዩም

የቪዲዮ ትርጉም ጽሑፍን በፊደል ብዛት ብቻ የሚቆርጥ ሰው ተናጋሪውን ያላለውን ያስብለዋል። «ስክሪኑ ላይ ከገባ ምን ችግር አለው?» የሚሉ የሙያ ጓደኞች አሉኝ። ችግሩን ላሳያችሁ።

መቱ አካባቢ ያሉ አንድ ቡና አምራች በኦሮምኛ ቃለ መጠይቅ እየሰጡ ነው እንበል። ጠያቂው ይቸኩላል፣ እሳቸውም ፈጣን ናቸው። «እሸቱን ቡና ሳታደርቁ ትሸጣላችሁ እንዴ?» ይላቸዋል። መልሳቸውን ወደ አማርኛ መልሰን ለኮዱ እንስጠው፦

```python
import textwrap
s = "ከጓሯችን የለቀምነውን እሸት ቡና ሳናደርቅ ለነጋዴ ሸጠን አናውቅም።"
print(textwrap.fill(s, 37))
```

የሚወጣው ይኸው፦

```
ከጓሯችን የለቀምነውን እሸት ቡና ሳናደርቅ ለነጋዴ ሸጠን
አናውቅም።
```

ኮዱ አልተሳሳተም፤ 37 በሉት፣ በ37 ቆረጠ። ግን «ሸጠን አናውቅም» ማለት «በጭራሽ አልሸጥንም» ማለት ነው። ሁለቱ ቃላት አንድ ግሥ ናቸው። በኦሮምኛም «ጉርጉሬ ሂን ቤክኑ» ሲባል አሠራሩ ያው ነው፣ በአንድ ትንፋሽ ይወጣል። ንግግሩ ስለሚፈጥን ደግሞ ሁለተኛው መስመር ብዙ ጊዜ ለብቻው፣ በሚቀጥለው ጽሑፍ ይመጣል። ተመልካቹ መጀመሪያ «ሸጠን» የሚል ኑዛዜ ያነባል፣ ቀጥሎ «አናውቅም» የሚል ሽሽት። ሰውየው «አልሸጥንም» ብለው ውሸታም መስለው ቀሩ።

ሐረጉ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ስንቆርጠውስ?

```
ከጓሯችን የለቀምነውን እሸት ቡና
ሳናደርቅ ለነጋዴ ሸጠን አናውቅም።
```

ላይኛው 20፣ ታችኛው 21 ምልክት ነው። ከላይ የምን ቡና እንደሆነ፣ ከታች ምን እንደማይደረግ። አንድ ቃል አልተቀየረም።

«የኦሮምኛውን ድምፅ ተከትዬ ልቁረጥ» የሚልም አለ። እሱም አያዋጣም። ኦሮምኛ ስሙን አስቀድሞ ገላጩን ያስከትላል፤ «ቡነ ከን ከሌሰ ቢትኔ» ይላል። አማርኛው ግን «ትናንት የገዛነው ቡና» ነው። ተናጋሪው ከ«ቡነ» በኋላ ትንፋሽ ቢወስዱ፣ እዚያ ላይ ለመቁረጥ አማርኛው ገና ቡና የሚለው ቃል ላይ አልደረሰም። ስለዚህ የሚቆረጠው የምንጩ ሳይሆን የተተረጎመው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሁለቱ መስመሮች አብረው ይታዩ፣ ከድምፁ ትንሽ ቢዘገዩም።

ጊዜ ካጠረስ? ቃል ይቀነስ። «ከጓሯችን» ቢወጣ ጓሮው ብቻ ነው የሚቀረው፤ «አናውቅም» ከ«ሸጠን» ቢለይ ግን የሰውየው መልስ ይጠፋል። ጠያቂው በእርግጥ መሃል ላይ ካቋረጣቸው ደግሞ ሦስት ነጥብ ይቀመጥ፤ ያልጨረሱትን እኛ አንጨርስላቸው።

ለኮድ ሠሪዎች ቀላሉ ጅምር ይህ ነው፦ ከ«አናውቅም»፣ ከ«ነበር» እና ከ«አለ» በፊት መስመር እንዳይሰበር ይከልከል። ዝርዝሩ ሁሉንም አይይዝም፤ «ዝም አለ» ላይ ይሠራል፣ «ቤት አለ» ላይ ያለ ምክንያት ይከለክላል። ቀሪውን ሁለቱንም ቋንቋ የሚሰማ ሰው ማየት አለበት። ያ ሰው ከሌለ ቪዲዮው አይለቀቅ።