በ5 ወስዶ በ5 መክፈል

ዱቤ ይራዘምልኝ የሚል ባለሱቅ አከፋፋዩ ፊት የሚዘረዝረው ችግሩን ነው፤ ገበያው ቀዘቀዘ፣ ኑሮው ከበደ ይላል። አከፋፋዩም የራሱ ችግር አያጣም። ባለሱቅ ይዞ መሄድ ያለበት ደብተሩን ነው ባይ ነኝ።

አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሱቅ ያላት አንዲት የማውቃት ሴት ዘይት፣ ሳሙናና ፓስታ ከጎንደር በ15 ቀን ዱቤ ትወስዳለች። አንዱ ጭነት 60 ሺህ ብር ገደማ ነው። ዕቃውን ወር በገባ በ5 ስለምታነሣ መክፈያዋ በ20 ይደርሳል። እስከዚያ በእጅ በእጅ የሸጠችው 35 ሺህ ቢሆን ነው። ቀሪው 25 ሺህ መምህራንና የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ዘንድ ነው፤ እነሱ የሚከፍሉት ደግሞ ወር መጨረሻ፣ ደመወዝ ሲወጣ ነው። ስለዚህ በየወሩ ከዘመድ እየተበደረች ትሞላለች። ዕቃው ተሸጧል፤ ያልገጠመው ቀኑ ነው።

ማመልከቻውን አብረን ጻፍነው። «ጋሼ፣ ካለፈው 12 ጭነት 11ዱን በቀኑ ከፍያለሁ። አንዱን መንገድ ተዘግቶብኝ 4 ቀን አሳልፌያለሁ። 35 ሺሁን እንደ ድሮው በ20 እከፍላለሁ፤ 25 ሺሁን ለሚቀጥለው ወር በ5 ያድርጉልኝ። ያ ሳይዘጋ አዲስ ዕቃ አላነሣም። ለሦስት ጭነት ይሞክሩኝ።» ያሳለፈችውን ቀን ልትተወው ነበር፤ እሱም ደብተር አለው ብዬ አስገባሁት።

ሰውየውን ምን ያህል ይጎዳዋል? ባንክ በዓመት 18 በመቶ ወለድ ቢያስከፍለው፣ 25 ሺህ ብር ለ15 ቀን ማቆየት 185 ብር ያህል ነው። ቢፈልግ ዋጋው ላይ ይጨምረው።

የገበሬውን ዱቤ ግን ከጥያቄው አወጣነው። ክረምት ላይ የወሰደ ገበሬ ገብሱ ታጭዶ፣ ተወቅቶ እስኪሸጥ መክፈያው ታኅሣሥ ሊደርስ ነው። በረዶ ቢመታው ደግሞ ጭራሽ ላይከፍል ይችላል። ይህን አደጋ ጎንደር ባለው ነጋዴ ላይ መጫን አይገባም፤ በራሷ ገንዘብ ልክ ብቻ ትስጥ።

አከፋፋዩ ለመተማመኛ ቀኑ ያልደረሰ ቼክ ቢጠይቃት እምቢ እንድትልም መክሬያታለሁ። ቼክ በሕጋችን እንደቀረበ የሚከፈል ነው፤ የወደፊት ቀን ቢጻፍበትም ቀድሞ ባንክ ሊገባ ይችላል። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ደግሞ በወንጀል ያስከስሳል። በምስክር ፊት የተፈረመ የዕዳ ወረቀት ይሻላል።

ማመልከቻውን የሰጠችው በ10 ነው፤ መክፈያው ሳይደርስ። በ20 ማታ ባዶ እጇን ሄዳ ቢሆን የ11ዱ ጭነት ታሪክ ባልተሰማላት ነበር። ሰውየው ደብተሩን ገልጦ አመሳከረና ሦስቱን ጭነት ወደ ሁለት ዝቅ አድርጎ ተስማማ።